«ተለጥፏል» የተባልኩበት ፎቶ

ጅማ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ አሮጌ ፎቶ ስካን አደርጋለሁ፣ የሰርግና የምርቃት ጊዜ ሲመጣ ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ። ደንበኞቼ ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ነገር አንዱ «የሌለውን ሰው ጨምርልን» ነው። አባት አርፏል፣ እህት አረብ አገር ናት፣ ወንድም ፈተና ላይ ነበር። ፎቶው ግን ሙሉ ቤተሰብ እንዲሆን ይፈለጋል።

እዚህ የማወራችሁ ስለ አንድ ሥራ ነው። መጀመሪያ ያበላሸሁት፣ ቀጥሎ ደግሞ እንደ አዲስ የሠራሁት። ፎቶሾፕ ነክታችሁ የምታውቁ ከሆነ ሰው ቆርጦ ማውጣቱ ብዙም እንደማያስቸግር ታውቃላችሁ። ችግሩ የሚጀምረው የተቆረጠው ሰው ሌሎቹ መሃል ሲቆም ነው።

ባለፈው ክረምት ነው። አንዲት ልጅ ተመርቃ ቤተሰቡ ፈረንጅ አራዳ ባለው ግቢያቸው ተሰብስቦ ተነሳ። እናትየው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ተመራቂዋ ጥቁር ጋውኗን እንደለበሰች በአንድ ጎናቸው፣ የበኩር ልጃቸው ግራጫ ሱፍ ለብሶ በሌላው ጎናቸው። የቀሩት ደግሞ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ያነሳው የአክስታቸው ልጅ ነው፤ ደህና ካሜራ ነበረው። ከእናትየው ወንበር ጀርባ፣ በሁለቱ ልጆች መሃል፣ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ አለ። አስበውበት ይሁን እንዲሁ አጋጥሟቸው አልጠየቅኩም። አባትየው ያረፉት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። እዚያ ቦታ እንዲቆሙ ተፈለገ።

የመጀመሪያውን ቅንብር በሦስት ሰዓት ውስጥ ጨረስኩት። አባትየውን ከአሮጌ ፎቶ ቆረጥኩ፣ የራሳቸውን አናት ከበኩር ልጃቸው አናት ጋር አስተካከልኩ፣ ፊታቸውን ትንሽ አፈካሁ፣ አተምኩ። እኔ ወድጄዋለሁ። እናትየው ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱና ዝም ብለው አዩት።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አባታቸው ከዚህ ልጅ ጋር እኩል ነበሩ እንዴ?»

ለጨዋነት ያህል ሌላ ነገር አልጨመሩም። ስድስት ዓመት የሚሆነው የልጅ ልጃቸው ግን አንገቱን አስግጎ አየና «አያቴ ተለጥፏል» አለ። አለቀ። ገንዘቡን አልተቀበልኩም፤ «እንደገና ልሥራው» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ልጁ ምን እንዳየ ፈለግኩ። ፊቱ ደህና ነው። አቆራረጡም መጥፎ አይደለም። ግን አባትየው ከወንበሩ ጀርባ ሆነው ሳለ ከፊት ከቆመው ልጃቸው ጋር እኩል ገዝፈዋል። ብርሃኑ በግራ ጉንጫቸው ላይ ነው፣ የሌሎቹ በቀኝ በኩል። በዚያ ላይ ቆዳቸው እንደ ሸክላ ለስላሳ ነው፤ የሌሎቹ ፊት ላይ ያለው ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር እሳቸው ላይ የለም። ሦስት ስህተት። እያንዳንዱን ብቻውን ብታዩት ምናልባት ታልፉት ይሆናል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የስድስት ዓመት ልጅም ይነቃባቸዋል።

እንደገና የጀመርኩት ከምንጩ ፎቶ ነው። ቤተሰቡ ሦስት ፎቶ ሰጥተውኝ ነበር። አንዱ የመታወቂያ ጉርድ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ግን ከትከሻ በታች የለም፤ ፍላሹም ፊት ለፊት ስለመታቸው ፊታቸው ጠፍጣፋ ሆኗል። ሁለተኛው ከልጅ ልጃቸው ጋር በስልክ የተነሱት ሰልፊ ነው። በጣም የሚያምር ፈገግታ አለው፤ ቤተሰቡም «ይህን አድርግልን» ብለው ነበር። ሦስተኛው ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆመው የተነሱት የታተመ 10 በ15 ፎቶ ነው። በእሱ ላይ ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

ሰልፊው የማይሆንበትን ምክንያት ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የፊት ቅርጽ የሚወሰነው ካሜራው በራቀበት ልክ ነው። ስልኩ ከፊታችሁ በክንድ ርቀት ሲሆን አፍንጫ ለካሜራው ከጆሮ ይልቅ በጣም ይቀርባል። ስለዚህ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ግንባር ያብጣል። የቤተሰቡ ፎቶ የተነሳው ደግሞ ከአራት ሜትር ግድም ነው። በዚያ ርቀት የአፍንጫና የጆሮ ልዩነት ከቁብ አይገባም። የሰልፊውን ፊት ብታሳንሱትም ብታሳድጉትም ቅርጹ አይለወጥም። መሃላቸው ስታቆሙት «ፊቱ ምን ሆኗል?» ያሰኛል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን መናገር አይችልም። ስለዚህ ምንጭ ስትመርጡ ከፈገግታው በፊት ርቀቱን እዩ። ሙሉ ሰውነት ወይም እስከ ጉልበት የሚታይበት ፎቶ ብዙ ጊዜ ከበቂ ርቀት የተነሳ ነው። የጅሬኑን ያዝኩ። ኮስታራነታቸውን በተመለከተ እናትየው ኋላ ላይ ሲስቁ «እንዲያውም እሱ ነው የሚመስለው» ብለዋል።

ፎቶውን በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግኩ። ወረቀቱ ሸካራ፣ ትንንሽ ጉብታ ያለበት ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው ወረቀት ስካነሩ ላይ ሲተኛ እያንዳንዷ ጉብታ ጥቃቅን ነጭ ነጥብ ትሠራለች። መፍትሔው ፎቶውን ሁለት ጊዜ ስካን ማድረግ ነው። አንዴ ቀጥ አድርጎ፣ አንዴ አናቱን ወደ ታች ገልብጦ። ከዚያ ሁለተኛውን በፎቶሾፕ መልሳችሁ ታቀኑትና በመጀመሪያው ላይ በ50 በመቶ ግልጽነት ትደርቡታላችሁ። የስካነሩ መብራት ጉብታዎቹን ከተቃራኒ አቅጣጫ ስለመታቸው ነጥቦቹ አብዛኛውን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሁለቱ ልክ መገጣጠም አለባቸው። በአንድ ፒክስል ከሳቱ ዓይን ይደበዝዛል።

አሁን ቁመቱ። የመጀመሪያው ስህተቴ አናትን ከአናት ማስተካከሌ ነው። ትክክለኛው መነሻ ከፎቶው ውስጥ የካሜራውን ከፍታ ማግኘት ነው።

ካሜራው ከመሬት ካለው ከፍታ ተነስቶ ፎቶውን አግድም የሚያቋርጥ አንድ መስመር አስቡ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ይህ መስመር የቆመን ሰው ሁሉ በአንድ ከፍታ ያቋርጠዋል፤ ቅርብ ቢቆምም ሩቅ ቢቆምም። ካሜራው 1.5 ሜትር ላይ ከነበረ መስመሩ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ከመሬት 1.5 ሜትር በሆነው ቦታ ያልፋል። ረጅሙን አገጩ ላይ ያገኘዋል፣ አጭሩን ግንባሩ ላይ። ወደ ኋላ የራቀው ሰው ትንሽ ቢሆንም መስመሩ እሱ ላይም በዚያው ቦታ ነው የሚያልፈው።

መስመሩን ለማግኘት ወደ ጥልቀት የሚሄዱ ቀጥ ያሉ ነገሮችን ፈለግኩ። የቤቱ የጎን ግድግዳ ነበረልኝ። የቆርቆሮው ጠርዝ እየራቀ ሲሄድ ወደ ታች ያዘነብላል፣ የመሠረቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱንም በመስመር አስረዘምኳቸው። የተገናኙበት ነጥብ የካሜራው ከፍታ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ አግድም መስመር ስስብ የበኩር ልጁ አገጭ ስር አለፈ። ልጁን ደውዬ «ቁመትህ ስንት ነው?» አልኩት። 1.74 ነኝ አለኝ። አገጩ ከአናቱ 24 ሴንቲ ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። እንግዲህ ካሜራው 1.5 ሜትር አካባቢ ነበር ማለት ነው፤ ቆሞ ዓይኑ ላይ አድርጎ ያነሳ ሰው።

ቀጥሎ የአባትየውን ቁመት ማወቅ አለብኝ። «ረጅም ነበሩ» የሚል መልስ አይረዳኝም። የሚረዳኝ፣ አሁን ፎቶው ላይ ካለ ሰው ጋር ጎን ለጎን ቆመው የተነሱት ሌላ ፎቶ ነው። ጥራቱ ምንም ቢሆን ግድ የለም፤ ለመለኪያ ብቻ ነው። ተመራቂዋ ስልኳ ውስጥ ፈልጋ አባቷና ወንድሟ አንድ ደረጃ ላይ፣ ሁለቱም በጫማ፣ ቀጥ ብለው የቆሙበትን ላከችልኝ። ከተረከዝ እስከ አናት ለካሁ። ልጁ 812 ፒክስል፣ አባት 784። ስናካፍለው 0.966 ገደማ ይመጣል። ልጁ 1.74 ከሆነ አባት 1.68 ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ውሳኔ ልናገር። የቤተሰቡ ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነበር። የጅሬኑ ስካን በቁጥር ትልቅ ነው፣ በውስጡ ያለው ዝርዝር ግን ያን ያህል አይደለም። አሮጌ ህትመትን በ600 ስካን ስላደረጋችሁት የሌለ ቅንድብ አይፈጠርም። በመጀመሪያው ሥራዬ አባትየው ከሌሎቹ ደብዘዝ ያሉት ለዚህ ነው። ስል ማድረጊያውን ስጫን ደግሞ ፊታቸው ዙሪያ ነጭ ክር ወጣ። በሁለተኛው ግን የቤተሰቡን ፎቶ ራሱን ወደ 3000 በ2000 አወረድኩት። የሚታተመው 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ መጠን በአንድ ኢንች 254 ፒክስል ይደርሳል፤ ለህትመት በቂ ነው። የሌሎቹ ጥራት ወደ አባትየው ቀረበ። የአባትየው ስካንም በግማሽ ግድም ስላነሰ ድብዝዝነቱ ተሸሸገ። ደካማውን ፎቶ እያሰቃያችሁ ከማሳደግ ጠንካራውን ማውረድ ይሻላል። እርግጥ ደንበኛው ግድግዳ የሚያህል ህትመት ከፈለገ ይህ አይሠራም።

በአዲሱ መጠን የበኩር ልጁ ከእግር እስከ አናት 1160 ፒክስል ነው። አባትየው ከሱ ጎን፣ እኩል ርቀት ላይ ቢቆሙ 1120 ይሆኑ ነበር። ግን የሚቆሙት ከወንበሩ ጀርባ ነው፤ ከልጁ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ። ካሜራው አራት ሜትር ከራቀ፣ አራትን ለ4.4 ስናካፍል 0.91 ግድም ነው። 1120ን በዚያ ስናባዛ 1018 ፒክስል። ይህ ነው ቁመታቸው።

እግራቸው በወንበሩና በእናትየው ስለሚሸፈን የት እንደሚቆሙ በእግር መወሰን አይቻልም። መስመሩ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። 1.68 የሆነ ሰው ላይ የ1.5 ሜትሩ መስመር ከአናቱ 18 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ አፉ አካባቢ ያልፋል። በሳቸው መጠን ይህ 109 ፒክስል ነው። ስለዚህ አናታቸውን ከመስመሩ 109 ፒክስል ከፍ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። የልጁ አናት ከመስመሩ 160 ከፍ ይላል። የሃምሳ ፒክስል ልዩነት ነው። እናትየው በመስኮቱ ብርሃን ያዩት ይህችን ነው።

የጅሬኑ ፎቶ ራሱ የተነሳው ከምን ከፍታ እንደሆነም አየሁ። እዚያም መስመሩ አፋቸው አካባቢ ያልፋል። ዕድል ነው። አንሺው ቁጢጥ ብሎ አንስቷቸው ቢሆን አገጫቸው ስርና የአፍንጫቸው ቀዳዳ ይታይ ነበር። ያንን የሚያስተካክል ልኬት የለም፤ ሌላ ፎቶ መፈለግ ነው።

ብርሃኑ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

የጅማ ክረምት ለዚህ ሥራ ደግ ነው። ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ስል ጥላ የለም። የቤተሰቡ ፎቶ እንዲህ ባለ ከሰዓት በኋላ የተነሳ ነው። ቢሆንም አቅጣጫ አለው። በግራ በኩል የቤቱ ግድግዳ ብርሃኑን ስለሚከለክል የሁሉም ፊት ቀኝ ቀኙ ፈካ ይላል። የጅሬኑ ፎቶም ደመናማ ቀን ላይ ነው የተነሳው፤ የአባትየው ፊት ግን የፈካው በግራ ነው።

በቀላሉ የሚመጣላችሁ ሐሳብ ፎቶውን ማገላበጥ ነው። ገለበጥኩት፤ ብርሃኑ ወዲያው ገጠመ። ደስ አለኝ። ከዚያ እጃቸውን አየሁ። የእጅ ሰዓታቸው ከግራ ወደ ቀኝ ሄዷል። የኮታቸው ቁልፍ ወደ ሴት ልብስ አዘጋግ ዞሯል። ከሁሉ የባሰው ፊታቸው ነው። የማንም ሰው ግራና ቀኝ እኩል አይደለም። አባትየው ከአንዱ ቅንድባቸው በላይ ትንሽ ጠባሳ ነበራቸው። አርባ ዓመት አብራቸው የኖረች ሴት ያ ጠባሳ ቦታ ሲቀይር አታጣውም። መልሼ ገለበጥኩት።

እንግዲህ በእጅ መሥራት ነው። ከአባትየው ሌየር በላይ መካከለኛ ግራጫ የተሞላ ሌየር አደረግኩ፤ አሠራሩን Soft Light አልኩት። በዚህ ሌየር ላይ በነጭ ብራሽ ስትቀቡ ከስሩ ይፈካል፣ በጥቁር ሲሆን ይጠቁራል። ብራሹ ትልቅ፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ Flow ደግሞ 4 በመቶ ብቻ። የግራ ጉንጫቸውን ቀስ እያልኩ አከሰምኩ፣ የቀኙን አነሳሁ። አፍንጫቸው ጎን ያለችውን ጥላ አሳሳኋት፤ በሌላው ጎን በጣም ደብዛዛ ጥላ ጨመርኩ። አንገታቸው ላይም እንዲሁ። ይህ የሚሠራው ሁለቱም ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የተነሳ ሰው ቢሆን፣ የአፍንጫው ጥላ ከንፈሩ ላይ እንደ ቢላ የተቆረጠ ቢሆን፣ አልነካውም ነበር። ስል ጥላን ለስላሳ ለማድረግ ፊቱን እንደ አዲስ መሳል ይጠይቃል፤ ያኔ ደግሞ ሰውዬው ራሱን አይመስልም።

ከአቅጣጫው ቀጥሎ ጥቁርና ነጩን አገናኘሁ። አሮጌው ህትመት ደብዝዟል፣ ወደ ቀይም አድልቷል። ፎቶሾፕ 0ን ፍጹም ጥቁር፣ 255ን ፍጹም ነጭ ብሎ ይቆጥራል። የአባትየው ኮት ጥቁር ነው ቢባልም ስካኑ ላይ 40 አካባቢ ያነብባል፤ ግራጫ ማለት ነው። የተመራቂዋ ጋውን እጥፋት ውስጥ ያለው ጥቁር 18 ነው። Curves ውስጥ ገብቼ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መስመሮችን ለየብቻ እያወረድኩ የኮቱን ጥቁር 20 ላይ አሳረፍኩት። ለነጩ የእናትየው ነጠላ አለ፣ የአባትየው ሸሚዝ አለ። ሸሚዙ ከነጠላው ትንሽ እንዲጨልም አደረግኩ፤ እሳቸው ከበረንዳው ጥላ አጠገብ ናቸውና። ጥቁሩና ነጩ ሲገጥሙ የቆዳው ቀለም አብዛኛውን ራሱ ይመጣል። የቆዳቸውን ቀለም ከልጃቸው ጋር ለማመሳሰል አትሞክሩ። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ቀለም የላቸውም። ቤተሰቡ የአባቱን ቀለም ያውቀዋል።

አንዲት ነገር ቀረች። ግቢው ሣር ነው፤ በክረምት ደግሞ የጅማን ሣር ታውቁታላችሁ። ያ አረንጓዴ ወደ ላይ ይመለሳል። ሁሉም ሰው አገጭ ስር፣ ነጠላው የታችኛው እጥፋት ላይ፣ ልብ ብላችሁ ስታዩ ፈዛዛ አረንጓዴ አለ። አባትየው አገጭ ስር የነበረው የጅሬኑ ቀይ አፈር ቀለም ነው። በትንሽ ብራሽ አረንጓዴውን ጨመርኩ፤ ከሌሎቹ ባነሰ፣ ምክንያቱም ከፊታቸው ወንበሩ አለ።

ሰውን መሬት ላይ የሚያስቆመው ጥላው ነው ይባላል። እሳቸው እግራቸው ስለማይታይ ጥላው ያስፈለገው ሌላ ቦታ ነው። ሁለት አካል ሲጠጋጋ መሃላቸው ብርሃን አይገባም። ስለዚህ ኮታቸው ከወንበሩ መደገፊያ በላይ ባለው ስፍራ ወደ ታች እየጨለመ እንዲሄድ አደረግኩ። የልጁ ትከሻ በአባቱ ክንድ ላይ ተደርቦ እንዲያልፍ ማስክ ሠራሁ፤ በዚያ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥላ ጣልኩ። በመጀመሪያው ሥራ ይህ ጥላ አልነበረም። አባትየው ከልጃቸው ጀርባ የቆሙ ሳይሆን በመቀስ ተቆርጠው የተቀመጡ ይመስሉ የነበረው ለዚህ ነው።

የጠርዙን ነገር ባጭሩ። የጅሬን ሰማይ ነጭ ስለነበር ፀጉራቸው ዙሪያ ነጭ ክር ቀርቶ ነበር። ማስኩን አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ ሳብኩት፤ የቀረውን በበረንዳው ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ከዚያ በ300 በመቶ አጉልቼ የልጁ ጠርዝ ከራሱ ወደ ጀርባው ለመሻገር ስንት ፒክስል እንደሚወስድበት ቆጠርኩ። ሁለት ሦስት ነው። የአባትየውም ያን ያህል እንዲሆን አድርጌ ተውኩት።

ግሬን፣ ያ ደቃቅ አሸዋ የመሰለው ነገር፣ የመጨረሻ ነው፣ የመጨረሻም መሆን አለበት። ግሬን ካስገባችሁ በኋላ ሰውየውን ብታሳንሱት ግሬኑም ያንሳል። ብታፈኩት ግሬኑም ይጎላል። ስለዚህ ቁመት፣ ጥራት፣ ብርሃን፣ ከዚያ ግሬን።

መጀመሪያ የነበረውን ማየት ነው። የሰማያዊውን ቻናል ብቻ ከፍቼ በ200 በመቶ አጎላሁ፤ ኖይዝ፣ የዲጂታል ካሜራ ግሬን ማለት ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚጎላው እዚያ ነው። በልጁ ግራጫ ሱፍ ላይ ደቃቅ፣ ወጥ ነጠብጣብ አለ፤ ቀኑ ስለጨለመ ካሜራው አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ነበር። በአባትየው ኮት ላይ ያለው ደግሞ የፊልም ግሬንና የወረቀት ቅሪት ነው፤ ተለቅ ያለ፣ እዚህም እዚያም የተቋጠረ። መጠኑን በግማሽ ስለቀነስኩ አብዛኛው ጠፍቷል። የቀረውን በ Camera Raw Filter ውስጥ ባለው የኖይዝ መቀነሻ ትንሽ አለዘብኩት፤ 20 አካባቢ። ከዚያ በላይ ስትሄዱ የጺም ጥቁረት ይታጠባል፣ ሰውየው ሕፃን ይመስላል።

ከዚያ አዲሱን መጨመር። እንደገና መካከለኛ ግራጫ ሌየር፣ ከአባትየው ሌየር ጋር ብቻ የተያያዘ፣ አሠራሩ Overlay። በላዩ ላይ Add Noise፤ Gaussian፣ Monochromatic፣ 4 በመቶ። ይህን እንዳለ ብትተዉት ነጥቡ እንደ መርፌ ጫፍ ስል ነው። የካሜራ ኖይዝ ግን እንዲያ አይደለም፤ ከጎረቤቱ ፒክስል ጋር ትንሽ ይቀላቀላል። ስለዚህ ያንን ሌየር ብቻ በ0.4 ፒክስል Gaussian Blur አደበዘዝኩት። ሌየሩ ለብቻው ስለሆነ በዛ ሲል Opacity መቀነስ ነው፤ ፊቱን ደግሞ መንካት አያስፈልግም።

በዓይን ብቻ አትመኑ፣ ዓይን ከሰዓታት በኋላ ይደክማል። ፎቶሾፕ የ Histogram ሰሌዳው ሰፋ ተደርጎ ሲከፈት Std Dev የሚል ቁጥር ያሳያል፤ በመረጣችሁት ስፍራ ውስጥ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ነው የሚነግራችሁ። ከልጁ ሱፍ ላይ እጥፋት የሌለበት ትንሽ ስፍራ መረጥኩ፤ 3.1 አለኝ። ከአባትየው ልብስ ላይ ብርሃኑ ተቀራራቢ የሆነ ቦታ መረጥኩ፤ 4.3። ሌየሩን እየቀነስኩ 3.0 ላይ አቆምኩ። ተቀራራቢ ብርሃን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኖይዝ በጨለማውና በፈካው ቦታ እኩል አይታይም። የነጭ ሸሚዝን ከግራጫ ሱፍ ጋር ብታወዳድሩ ቁጥሩ ያሳስታችኋል።

በመጨረሻ ሁለት ፍተሻ አለኝ። ሙሉውን ፎቶ ለጊዜው ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ፤ ቀለሙ ሲጠፋ የብርሃን ስህተት ይወጣል። ቀጥሎ ቀለሙን አለቅጥ እጨምራለሁ፤ አንዱ ሰው ብቻ ብርቱካን ከሆነ ያልገጠመ ነገር አለ ማለት ነው። የአባትየው ጆሮ ቀላ ብሎ አገኘሁት፤ አስተካከልኩ። ከዚያ ሙሉውን ሳይሆን የሁለቱን ፊት ብቻ የያዘ ቁራጭ በ10 በ15 ወረቀት አተምኩ። ስክሪን ላይ ያልታየ ግሬን አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ ለዚህ ያዋጣሁት ወረቀት አያስቆጨኝም።

አንድ ነገር ከዚህ በኋላ ልማድ አድርጌያለሁ። የሚጨመር ሰው እንዳለ አስቀድመው ከነገሩኝ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቆማለሁ። በዚያ ቦታ ቁመቱ የሚቀርበውን ጎረቤት ተመሳሳይ ቀለም ያለው ኮት አልብሼ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ እሱ ይወጣል፣ ሌላው አይነቃነቅም፣ ሁለተኛ አነሳለሁ። የመጀመሪያው ፎቶ ብርሃኑ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ጥላው የት እንደሚሆን፣ አናቱ የት እንደሚደርስ ሁሉንም ይነግረኛል። ከላይ የጻፍኩት ስሌት ግማሹ አያስፈልግም።

ደግሞ ሌላ። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ለማመልከቻ የሚያያዝ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ዘመድ እንድጨምር ጠይቆኛል። አልሠራሁም። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርብ ፎቶ ውስጥ ያልነበረን ሰው ማስገባት ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ግን ከጀርባው በእርሳስ እጽፋለሁ፦ ማን እንደተጨመረ፣ ከየትኛው ፎቶ፣ መቼ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ አባትየው ምርቃቱ ላይ ነበሩ ብሎ እንዳይከራከር።

ሁለተኛውን ህትመት ይዤ የሄድኩት ቅዳሜ ነው፤ ቡና ተፈልቶ ነበር። እናትየው እንደ ቀድሞው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ጣታቸውን ከፊቱ ላይ አላሳረፉም። መጀመሪያ ያዩት ግራ እጃቸውን፣ ሰዓቱን ነው። ከዚያ ቅንድባቸውን። የልጅ ልጁም መጣና አየ፤ ምንም ሳይል ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እኔም በልቤ «ተመስገን» አልኩ።

ገልብጠው በእርሳስ የጻፍኩትን ልጃቸው አነበበችላቸው። ትንሽ ቆዩና «ያኛውንስ?» አሉኝ።

«የትኛውን እማማ?»

«እሳቸው የሌሉበትን። ክፍቱን። እሱንም በዚሁ ልክ አትምልኝ።»

ሰኞ አትሜ ወሰድኩላቸው።